«ከሚመለሰው ላይ ቁረጡ»፦ የጠፋ ገንዘብ እናስመልሳለን ስለሚሉ ሰዎች

(ባለፈው እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ስገለብጠው ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ይሰማል? እሺ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ቡናውን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቡናውን ይዛችሁ የመጣችሁትን ደግሞ የበለጠ አመሰግናለሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ የማወራው ግን ሰው እንዴት እንደሚታለል አይደለም። ከተታለለ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ገንዘቡ ሄዷል፣ ሰውዬው አልቅሷል፣ ጉዳዩ ያለቀ መስሏል። ያኔ ነው አንድ ደግ ሰው ብቅ ብሎ «አይዞህ፣ እኔ አስመልስልሃለሁ፤ ትንሽ ክፍያ ብቻ ነው» የሚለው። ስለዚህ ደግ ሰው ነው የምነግራችሁ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው አንድ ወዳጃችን ላይ የደረሰው። ሁለተኛው ገንዘቡ በዚያ መንገድ ለምን እንደማይመለስ። ሦስተኛው በእውነት ሊሞከር የሚችለው። አንደኛው ይረዝማል፣ ከአሁኑ ይቅርታ።

ወዳጃችንን «ጋሼ» ልበላቸው። ታሪካቸውን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልናገርም። ጋሼ እዚህ ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ 20 ዓመት ሠርተዋል። ቁጥብ ሰው ናቸው። ዶላር በዶላር ላይ አስቀምጠው፣ አዲስ አበባ ላለ ቤት የሚሆን አጠራቅመው ነበር። ከዚያ በዋትሳፕ አንዲት ሴት መጣች፤ የክሪፕቶ ንግድ፣ የሚያድግ ሒሳብ፣ ይህን ታሪክ ሁላችሁም ሰምታችኋል። 31,000 ዶላር ሄደ። ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ዛሬ የማወራው ስለሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ጋሼ ያኔ ወደ እኔ መጥተው ነበር። እኔስ ምን አልኩ? «ጋሼ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው እንዴት እንዲህ ይታለላል?» አልኳቸው። በቃ። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ሁለት ወር አልደወሉልኝም። ሁለተኛው ነገር የተፈጸመው በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ነው። ተው የሚላቸው ሰው አልነበረም። ሊል ይችል የነበረውን ሰው እኔው ነኝ ያሳፈርኩት።

አንድ ቀን ማታ ጋሼ ፌስቡክ ላይ አንድ ጽሑፍ ያያሉ። ስለዚያው አጭበርባሪ ድርጅት የተጻፈ ነው። ከሥሩ «እኔም ተበልቻለሁ፣ ምን ማድረግ ይቻላል?» ብለው ይጽፋሉ። አንድ ሰዓት አልሞላም፣ አራት ሰው መለሰላቸው። አራቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት። «እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። እገሌ የሚባል ባለሙያ በሦስት ቀን መለሰልኝ። እግዜር ይስጠው። ኢንስታግራም ላይ አናግረው።» እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? አራቱም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ገንዘብ የተመለሰለት ሰው ለማያውቀው ሰው ማስታወቂያ ሲሠራ አይውልም።

ጋሼ ግን ለእነሱ አልመለሱም። ጠንቃቃ ሰው ናቸው። የያዘቻቸው ሌላ ናት። በሳምንቱ በዋትሳፕ አንዲት ሴት ጻፈችላቸው። «የተሰረቀ ክሪፕቶ አስመላሽ ክፍል ነኝ» አለች። ሙሉ ስማቸውን ጠራች። የድርጅቱን ስም አወቀች። 31,000 ዶላር መሆኑን አወቀች። የመጨረሻውን ገንዘብ የላኩበትን ቀን ሳይቀር ነገረቻቸው። ጋሼ ምን ብለው አሰቡ? «ይህን ሁሉ የምታውቅ መንግሥት ብትሆን ነው።»

እስቲ እናንተን ልጠይቅ። ጋሼ ስንት ብር እንደላኩ የሚያውቀው ማነው? ጋሼ። ባንካቸው። ሌላስ? ... አዎ! ከወደ ኋላ በትክክል ተመልሷል። ሌባው! ቀኑንም መጠኑንም ከሁሉ በላይ የሚያውቀው የወሰደው ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች የተታለለ ሰው ስም፣ ስልክና የጠፋበትን መጠን በዝርዝር ይይዛሉ። ዝርዝሩን እርስ በርስ ይሸጣሉ፣ ወይም ራሳቸው ሌላ ስም ይዘው ይመለሳሉ። አንዴ የከፈለ ሰው ለእነሱ ውድ ነው። የሚከፍል መሆኑ ተረጋግጧል፣ ተጨንቋል፣ ለቤተሰቡም አልተናገረም። ስለዚህ የማያውቁት ሰው የጠፋብዎትን ገንዘብ መጠን በትክክል ሲነግርዎ ሊያስደነግጥዎ ይገባል እንጂ ሊያሳምንዎ አይገባም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። መጀመሪያ 650 ዶላር ጠየቀች። «ፋይል መክፈቻ» ነው። በዜል፣ በአንድ ግለሰብ ስም። መንግሥት ነኝ የሚል አካል ለግለሰብ በዜል ላክ ይላል? ጋሼ ከፈሉ። ከ31,000 አንጻር 650 ምን አላት? የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ሒሳቡ ትክክል ይመስላል።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። የንስር ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የፋይል ቁጥር አለው። እኛ ደግሞ ማኅተም ስናይ እንንበረከካለን፤ ከቀበሌ ጀምሮ የለመድነው ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባል የለ? ጋሼ ያንን ወረቀት አትመው በፕላስቲክ አስለብጠውታል። እየሳቅኩ አይደለም፤ ሳየው ልቤ ነው የተነካው።

ከደብዳቤው ጋር የድረ ገጽ ሊንክና የይለፍ ቃል ላኩላቸው። ጋሼ ሲገቡ በስማቸው የተከፈተ ሒሳብ አገኙ። 46,870 ዶላር ይላል! ዋናው ከነትርፉ። በየቀኑ እየገቡ ያዩታል። ሌሊት ሲነሱ ያዩታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ። ያ ቁጥር ግን ገንዘብ አይደለም። ድረ ገጽ የሠራ ሰው የጻፈው ቁጥር ነው። ዘጠኝ ሚሊዮን ብሎ መጻፍም ይችል ነበር።

ያንን ገንዘብ ለመልቀቅ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ 4,687 ዶላር፣ አሉ። ጋሼ የለኝም አሉ። እሺ፣ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሲደርስዎ። 2,343 ከፈሉ። ቀጥሎ «ግብር» መጣ፣ 1,900። እሱንም ከፈሉ። እዚህ ላይ ሰው አይሞኝም አትበሉ። አሁን ያቆሙ እንደሆነ 31,000 ብቻ አይደለም የሚቀርባቸው፣ ከዚያ በኋላ የከፈሉትም ይቀራል። እያንዳንዱ ክፍያ የፊተኛውን ለማዳን ነው የሚከፈለው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

ደምሩት። 650፣ 2,343፣ 1,900። 4,893 ዶላር። ከዚያ አራተኛው መጣ፣ «ገንዘቡ ሕገወጥ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት»፣ 3,100 ዶላር። ጋሼ እጃቸው ባዶ ነው። በሁለት ወራቸው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ 3,100 ዶላር አበድረኝ። በሳምንት ውስጥ ከነምርቃቱ እመልስልሃለሁ» አሉኝ።

እንዲህ ነው ያወቅሁት። ያን ቀን አልወቀስኳቸውም። ተምሬ ነበር። «ጋሼ፣ ብሩን እሰጥዎታለሁ፤ መጀመሪያ ግን አብረን አንድ ጥያቄ እንጠይቃት» አልኳቸው። ቤታቸው ሄጄ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። እኔ እየነገርኳቸው እሳቸው ጻፉ፦

«46,870 በእጃችሁ አለ። ሰርተፊኬቱ 3,100 ነው። ከሚመለሰው ላይ ቁረጡና የቀረውን ላኩልኝ።»

መልስ መጣ። «ሕግ ስለማይፈቅድ ገንዘቡን መንካት አንችልም።» «እሺ፣ ጋሼ፣ ግማሹን ውሰዱ ይበሏቸው» አልኳቸው። ጻፉ፦ «እንግዲያው ግማሹን ለእናንተ። 23,000 ውሰዱ። ከዚያው ላይ ቁረጡ።» አስቡት እንግዲህ! 3,100 ለሚፈልግ ሰው 23,000 እየሰጠነው ነው። የትኛው ነጋዴ ነው ይህን እምቢ የሚል? እምቢ አለች። ተቆጣች እንዲያውም። «ፋይልዎ በ24 ሰዓት ይዘጋል» አለች። ዝም አልናት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ምን ጻፈች መሰላችሁ? «አለቃዬን ለምኜልዎታለሁ፤ 1,500 ይክፈሉ።»

የመንግሥት ሰርተፊኬት እንደ መርካቶ ጫማ ዋጋው ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጋሼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም።

ከተናገርኩት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ያችን ዓረፍተ ነገር ያዙ። ከሚመለሰው ላይ ቁረጡ። ገንዘቡ በእጁ ያለ ሰው ከዚያ ላይ መቁረጥ ይችላል። የሌለው ሰው ከምን ላይ ይቆርጣል? ሕግ አይፈቅድም የሚለው ደግሞ ተገልብጦ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል የስልክ ሽያጭ ደንብ የጠፋ ገንዘብ እናስመልሳለን የሚሉ ሰዎች ገንዘቡ ባለቤቱ እጅ ከገባ 7 የሥራ ቀን እስኪያልፍ ድረስ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። አያችሁ? ሕጉ የሚከለክለው አስቀድሞ መጠየቅን ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ወጣቶቹ ሌባ ሻይ የሚባለውን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ትላልቆቹ እየሳቁ ነው፣ አወቁት። ዱሮ ዕቃ ሲሰረቅ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል። ልጁ ይሰክራል፣ ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል። በየመንደሩ ይሮጣል፣ ደጃፉ ላይ የወደቀበት ሰው ሌባ ይባላል። አያቴ የነገሩን አለ። በቅሎ የጠፋባቸው ጎረቤት ሌባ ሻይ አስመጡ። የሌባ ሻዩን ሰዎች ማብላትና ማጠጣት በባለበቅሎው ላይ ነው። ሦስት ቀን በሉ፣ ጠጡ። ልጁ አንዴ ወንዝ ዳር ወደቀ፣ አንዴ ራሳቸው ባለበቅሎው ደጅ ላይ ወደቀ። በቅሎዋ አልተገኘችም፤ በጉም ታረደ። አያቴ ሲጨርሱ ሁሌ «በቅሎዋስ ሳትከፍል ነው የሄደችው» ይሉ ነበር። ምን ለማለት እንደሆነ እስከዛሬ አልገባኝም፤ ዛሬ ጠዋት ግን ትንሽ የገባኝ መሰለኝ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ገንዘቡ ለምን አይመለስም? ብዙ ሰው የሚታለለው «ሃከር ነን፣ ሰብረን እናወጣዋለን» ሲሉት ነው። ወይም «ገንዘብዎን ተከታትለን አግኝተነዋል» ይሉና አንድ ረጅም ቁጥርና ፊደል የተደረደረበት ስክሪንሾት ይልካሉ። ይህ ሁለተኛው ከፊሉ እውነት ነው፤ ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

የክሪፕቶ መዝገብ ግልጽ ነው። ማንም ሰው ገብቶ ገንዘቡ ከየት ወደ የት እንደሄደ ማየት ይችላል። በመስታወት የተሠራ ሙዳየ ምጽዋት አስቡ። ውስጡ ያለውን ብር አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። ቁልፉ ግን የአንድ ሰው ነው። ማየት ሌላ፣ ማውጣት ሌላ። ቁልፍ የሌለው ሰው፣ የፈለገውን ያህል ኮምፒውተር ቢያውቅ፣ የተላከውን መልሶ ማምጣት አይችልም። ታዲያ ምንም ተስፋ የለም? ጠባብ ተስፋ አለ። ሌባው ገንዘቡን ወደ ብር ለመቀየር ሕጋዊ የመገበያያ ድርጅት ውስጥ ካስገባው፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት ድርጅቱ ገንዘቡን እንዲያግድ ሊያዙት ይችላሉ። ያንን ማዘዝ የሚችል ግን የሕግ አካል ነው እንጂ በዋትሳፕ የመጣች እህት አይደለችም።

እኔና ጋሼ ያን ቀን ሌላም ነገር አየን። የድረ ገጹን አድራሻ lookup.icann.org ላይ አስገባነው። ነፃ ነው፣ ድረ ገጹ መቼ እንደተመዘገበ ያሳያል። «ከ15 ዓመት በላይ ልምድ ያለን» የሚለው ድርጅት አድራሻውን ካስመዘገበ ገና 19 ቀኑ ነበር። አዲስ የሆነ ሁሉ ሌባ አይደለም፣ አሮጌ የሆነም ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ግን 15 ዓመት ብሎ 19 ቀን ከወጣ ሌላ ምን ይጠየቃል?

አንዳንዶቹ በመንግሥት ስም ይመጣሉ። የኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል መቀበያ ክፍል፣ አይሲስሪ የሚሉት፣ በ2025 ራሱ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሰዎች የእኛ ሠራተኞች ነን እያሉ የተታለሉትን እንደገና እያታለሉ ነው አለ። እኛ በስልክ፣ በኢሜይል፣ በቴሌግራም ለግለሰብ አንደውልም፣ አንጽፍም፣ ገንዘብም አንጠይቅም ብሏል። ለምርመራ ከተፈለጋችሁ በአካባቢያችሁ ያለ የኤፍቢአይ ቢሮ ወይም ሌላ ሕግ አስከባሪ ነው የሚያገኛችሁ። ያም ቢሆን ዝጉና የቢሮውን ቁጥር ራሳችሁ ፈልጋችሁ ደውሉ። በ2024 ደግሞ ጠበቃ ነን ስለሚሉት አስጠንቅቋል። ጠበቃ ነኝ ካለ በየትኛው ስቴት ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ፣ የስቴቱ የጠበቆች መዝገብ ላይ ስሙን ፈልጉ፣ ከዚያ መዝገቡ ላይ ባለው ስልክ ደውሉ። እሱ በሰጣችሁ ቁጥር አይደለም። የእውነተኛ ጠበቃ ስም ሰርቀው ይጠቀማሉና።

ሦስተኛው። በእውነት ምን ይሞከራል? ይህን ቶሎ ልበለው፣ ምሳው መጥቷል መሰለኝ።

ሁሉ ነገር በፍጥነት ነው። በባንክ ሐዋላ የሄደ ገንዘብ ከሆነ፣ ያኔውኑ ባንካችሁ ደውላችሁ «ሐዋላው ይመለስ፣ ማጭበርበር ነው» በሉ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አንዳንዴ ይያዛል። ሳምንት ካለፈ ተስፋው በጣም ይቀጥናል፤ 11 ዓመት ያየሁት ይህንኑ ነው። በክሬዲት ካርድ የተከፈለ ከሆነ ሰፊ መብት አላችሁ፤ ክፍያው ያለበት የካርዱ መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድ ሰጪው በጽሑፍ ተቃውሞ አቅርቡ። በዜል ራሳችሁ የላካችሁት ግን ከባድ ነው። ቢሆንም ጠይቁ፤ ለመጠየቅ አይከፈልም። ከዚያ ic3.gov ላይ እና reportfraud.ftc.gov ላይ አመልክቱ። ሁለቱም ነፃ ናቸው።

«አመልክቼ ምን አገኛለሁ?» ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ምንም። አልዋሻችሁም። ግን አንዳንዴ የምር ይመለሳል። በ2017 ዌስተርን ዩኒየን፣ አጭበርባሪዎች በእሱ በኩል ገንዘብ ሲቀበሉ በቂ ቁጥጥር ባለማድረጉ፣ 586 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማማ። ገንዘቡ ለተጎዱት እንዲመለስ ተደረገ። ማመልከቻው ነፃ ነበር። ዓመታት ወሰደ፣ ግን ለብዙ ሰው ተመለሰ። እውነተኛው መመለስ መልኩ ይህን ይመስላል። ዝግተኛ ነው፣ አሰልቺ ነው፣ ፎርም ይበዛዋል፣ ማንም «ዛሬ ማታ ካልከፈልክ ይዘጋል» አይልህም።

አንድ የረሳሁት። ጋሼ ለ«ፋይል መክፈቻው» የመንጃ ፈቃዳቸውን ፎቶና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸውን ልከው ነበር። ይህ ከ4,893ቱ ሊብስ ይችላል፤ በስማቸው ብድር ሊወጣ ይችላልና። ያን ምሽት ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን ጋ ገብተን ክሬዲታቸውን ዘጋን። ሦስቱም ጋ በየግል ነው የሚዘጋው፣ ክፍያ የለውም። ሴትዮዋ ስልካቸውን ከርቀት የሚያሳይ አኒዴስክ የሚባል አፕም አስጭናቸው ነበር። አጠፋነው፣ የባንክ ይለፍ ቃላቸውንም ከሌላ ስልክ ቀየርን።

ጋሼ አሁን ደህና ናቸው። ገንዘቡ አልተመለሰም። ባለፈው ሐሙስ ቡና ልጠጣ ቤታቸው ሄጄ ስልካቸው ጮኸ። መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ። «ጤና ይስጥልን። ገንዘብ አስመላሽ ነን በሚሉ አጭበርባሪዎች 4,893 ዶላር እንደተወሰደብዎ ደርሰንበታል። አጭበርባሪዎቹ ተይዘዋል። ገንዘብዎን ለማስመለስ 300 ዶላር ብቻ...»

4,893። እኔና እሳቸው ብቻ ነን ደምረን የምናውቀው ብለን ነበር።

ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ በአንድ ጣታቸው ቀስ ብለው ጻፉ፦ «ከሚመለሰው ላይ ቁረጡ።» ላኩት። «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት መጣ። ጠፋ። እንደገና መጣ። ጠፋ። ጋሼ ስልኩን ገልብጠው አስቀመጡና «ሁለተኛውን ልቅዳልህ?» አሉኝ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እዚህ ነኝ፤ በግል ማናገር የምትፈልጉም ከምሳ በኋላ ከኋላ በኩል ባለችው ትንሽ ክፍል እቆያለሁ።